የሟች ሒሳብ ላይ በየወሩ የሚቆረጠውን ገንዘብ ማስቆም፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

ሰው ሲሞት ቅሬው ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ጅዳ ያለው ልጅ እንኳ ቀብሩ ሳይደርስ ይሰማል። ባንኩ ግን አይሰማም። ቴሌም አይሰማም። ማንም ሄዶ እስካልነገራቸው ድረስ ሟች ለእነሱ በሕይወት ያለ ደንበኛ ነው። ቋሚ ትዕዛዝ የሰጠበት ክፍያ በቀኑ ይወጣል፣ የኢንተርኔት ሒሳቡ ይቆጥራል፣ በአጭር ቁጥር የሚመጣው መልእክትም ከካርዱ ላይ በየቀኑ ይቀንሳል።

ቤተሰቡ ግን ብዙ ጊዜ ሥራውን ከተሳሳተው ጫፍ ይጀምራል። በሳምንቱ በካርዱ ብር ያወጣል፣ ሲሙን ያዘጋል፣ ባንክ የሚሄደው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ የሚታገደው ባንኩ ነው፣ በመጨረሻ የሚዘጋው ስልኩ።

በለቅሶው ሳምንት የማይነኩ ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው የኤቲኤም ካርዱና የሞባይል ባንኪንጉ ናቸው። የሚስጥር ቁጥሩን ብታውቁትም አትጠቀሙበት። «አባታችን ራሱ ነግሮኛል» ማለት አያዋጣም። ሟች በሕይወት እያለ የሰጠው ውክልና እንኳ፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ፣ በሞቱ ይቀራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2232 የሚለው ይህንኑ ነው። በካርድ የወጣ ብር የሒሳብ መግለጫው ላይ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይታያል። ከሞቱ ቀን በኋላ የወጣ ከሆነ ነገ አንዱ ወንድም ሌላውን ፍርድ ቤት የሚያቆምበት ወረቀት እሱ ነው። ለቀብርና ለለቅሶ ያወጣችሁትን ከኪሳችሁ አውጡና ደረሰኙን ያዙ። ሕጉ የቀብር ወጪን ከውርሱ ላይ ቀድሞ ከሚከፈሉት ውስጥ ነው ያስቀመጠው፤ ስለዚህ አይጠፋባችሁም።

ሁለተኛው ሲም ካርዱ ነው። ባንኩ የሚልከው መልእክት፣ የቴሌብር ማሳወቂያ፣ የማረጋገጫ ቁጥር ሁሉ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው። ሲሙን ከዘጋችሁት ምን እንደሚቆረጥ የሚነግራችሁን አንደበት ዘጋችሁት ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ያኔ የአባታችሁ የባንክ መልእክት ወደማታውቁት ሰው ይሄዳል። ቀፎው ላይ ቻርጅ አይለቀው፣ የሚስጥር ቁጥሩን ካላወቃችሁትም አትገምቱ።

ሦስተኛው ወደ ሒሳቡ የሚገባ ገንዘብ ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶች የለቅሶ ብር በለመዱት ቁጥር፣ ማለትም በሟች ቁጥር ይልካሉ። ይህ ብር ሒሳቡ ሲታገድ አብሮ ይታገዳል። ወደ ቴሌብር ከሆነና ሟች የ«መላ» ወይም የ«እንደኪሴ» ብድር ካለበት ደግሞ እንደገባ ብድሩ ይበላዋል። በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም አዲስ የሒሳብ ቁጥር ላኩላቸው።

እናንተ ባትነኩትም ካርዱ የጠፋ ወይም ሌላ ሰው እጅ ያለ ከመሰላችሁ ሞቱ እስኪመዘገብ አትጠብቁ። ለባንኩ የደንበኞች መስመር ደውሉና ካርዱና የሞባይል አገልግሎቱ እንዲዘጋ ጠይቁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መስመር 951 ነው። በስልክ ስለ ቀሪ ሒሳቡ ምንም አይነግሯችሁም፣ ግን መዝጋት ላይ ይተባበራሉ።

ምን እንደሚቆረጥ ከስልኩ ማውጣት

ባንኩ የወራሽነት ማስረጃ ሳያይ የሒሳብ መግለጫ አይሰጥም። ማስረጃው ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ የሚያዋጣው የስልኩ መልእክት ሳጥን ነው።

በምሳሌ እንሂድ። ሁኔታው በብዙ ቤት ያለ ነው፣ አኃዙን ግን ለማስረዳት ያስቀመጥኩት ነው። ኮምቦልቻ የሚኖር የፋብሪካ ጡረተኛ አረፈ። ባለቤቱ በሕይወት አለች። አንዲት ልጅ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ትኖራለች፣ አንድ ልጅ ጅዳ ነው። ደሴ ያለችው ልጅ የአባቷን ቀፎ ይዛ የሦስት ወር መልእክት ወደ ኋላ አነበበች። አንድ ወር አይበቃም። ሦስት ወር ሲታይ የሚደጋገመው ከማይደጋገመው ራሱ ይለያል። ደብተር ላይ እንዲህ ጻፈችው፦

- የጡረታ ገቢ፣ 4,200 ብር፣ በየወሩ
- ለቁጠባና ብድር ማኅበር፣ 1,500 ብር ወጪ፣ በየወሩ በ5
- ወደ አንድ የግል ሒሳብ፣ 600 ብር ወጪ፣ በየወሩ በ10
- ሁለት የአጭር ቁጥር አገልግሎቶች፣ እያንዳንዳቸው በቀን 2 ብር፣ ከስልክ ካርድ
- የቤት ኢንተርኔት፣ በየወሩ ሒሳብ ይመጣል፣ አባትየው በቴሌብር ይከፍሉ ነበር

600 ብሩ ማንንም አላስታወሰም ነበር። እናትየው ናት «ይሄማ ለወንድሙ ልጅ ነው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው» ያለችው። እንዲህ ያለውን ነገር ስልኩ ብቻ አይነግራችሁም፤ መልእክቱንና የቤት ሰውን አንድ ላይ አድርጉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የባንክ መልእክት ቀኑን የሚጽፈው በፈረንጅ ነው፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን እኛ የምናነበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የትኛው ክፍያ ከሞቱ በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደወጣ ለመለየት ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ። ክርክር የሚነሳው እዚሁ ላይ ነው።

የሞት ምስክር ወረቀት፣ እና ስሙ

ያለዚህ ወረቀት የትም መስኮት አይከፈትም። የሚወጣው ሟች ይኖርበት ከነበረው ቀበሌ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነው። ምዝገባው በ30 ቀን ውስጥ መሆን አለበት። ሆስፒታል ያረፈ ከሆነ ከሆስፒታሉ የሞት ማሳወቂያ ይወሰዳል። ቤቱ ያረፈ ከሆነ ቀበሌው የቅሬውን፣ የመስጂዱን ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ደብዳቤና ምስክር ሊጠይቅ ይችላል። የሟችን መታወቂያና የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መታወቂያው እዚያ ሊቀር ስለሚችል ቀድማችሁ ኮፒ አድርጉት።

ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡት። በኛ አገር ችግሩ እዚህ ነው። ቀበሌው «ሙሐመድ» ይላል፣ የባንክ ደብተሩ «መሐመድ»፣ ጡረታ መታወቂያው «ሞሐመድ»። ባንኩ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ አንዱ ጋ Mohammed፣ ሌላው ጋ Muhamed ተብሎ ተጽፏል። እኛ አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን፣ ባንኩ ግን አያውቅም። በምሳሌያችን ልጅቷ ይህን ያየችው ቀበሌ እያለች ስለነበር፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አብራ ጠየቀች። ባንኩ የቀበሌ ደብዳቤ አልቀበልም ካለ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልጋል። ያኔ ጥያቄውን ከወራሽነቱ አቤቱታ ጋር አንድ ላይ አቅርቡት፣ ሁለት ፋይል አትክፈቱ።

ለባንኩ የሚሰጠው ደብዳቤ

ብዙ ሰው ባንክ ሄዶ በቃል ይናገራል። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «ነፍስ ይማር እህቴ፣ የፍርድ ቤት ማስረጃ ይዘሽ ነይ» ይላታል። እሷም ትመለሳለች። ሒሳቡ ላይ ግን ምንም አልተደረገም። በ5 ያው 1,500 ብር ይወጣል።

ልጁ አልዋሸም። ብሩን ለመውሰድ የፍርድ ቤት ማስረጃ ያስፈልጋል። ሒሳቡን ለማሳገድ ግን ሞቱን ማሳወቅ ነው የሚያስፈልገው። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት ብር አይደለም፣ እገዳ ነው። በጽሑፍ ጠይቁ፦

> ቀን፦ ………
>
> ለ……… ባንክ ……… ቅርንጫፍ
>
> ጉዳዩ፦ የሟች ደንበኛ ሒሳብ ከወጪ እንዲታገድ ስለመጠየቅ
>
> የሒሳብ ቁጥራቸው ……… የሆነው አቶ ……… በቀን ……… ዓ.ም (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ………) ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ስለዚህ በስማቸው ካለ ማንኛውም ሒሳብ ገንዘብ ወጪ እንዳይሆን፣ የኤቲኤም ካርዳቸውና የሞባይል ባንኪንግ አገልግሎታቸው እንዲዘጋ፣ የሰጡት ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ሁሉ እንዲቆም እጠይቃለሁ። የወራሽነት ማስረጃ ወደፊት የምናቀርብ ይሆናል።
>
> አባሪ፦ የሞት ምስክር ወረቀት ኮፒ፣ የአመልካች መታወቂያ ኮፒ፣ ዝምድናን የሚያሳይ ማስረጃ
>
> የአመልካች ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

«በስማቸው ካለ ማንኛውም ሒሳብ» የሚለውን አትዝለሉት። ብዙ ሰው አንድ መደበኛ የቁጠባ ሒሳብና ሌላ ከወለድ ነፃ ሒሳብ በአንድ ባንክ አለው። ቤተሰቡ የሚያውቀው ግን አንዱን ነው።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ውሰዱት። አንዱ ለባንኩ ይቀራል። ሁለተኛው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጉ። ከዚህ ሁሉ ወረቀት አንዱን ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይሄን ነው የምለው። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ብር ቢቆረጥ «አሳውቄያችሁ ነበር» የምትሉት በዚህ ነው። መስኮቱ ላይ ማኅተም የለንም ከተባላችሁ ወደ ሥራ አስኪያጁ ግቡ። ሒሳቡ የተከፈተው ኮምቦልቻ ሆኖ እናንተ ደሴ ከሆናችሁ መጀመሪያ ቅርባችሁ ያለውን ቅርንጫፍ ጠይቁ። አይሆንም ካሉ በሐረጎ ወርዶ መመለስ ነው፣ ሩቅ አይደለም።

መቆሙን እንዴት ታውቃላችሁ? ስልኩ ክፍት ነው አይደል? የሚቀጥለው 5 ሲመጣ መልእክት ይጠበቃል። ካልመጣ እገዳው ሠርቷል። ከመጣ በማግስቱ ማኅተም ያለበትን ኮፒና መልእክቱን ይዛችሁ ሂዱና የተቆረጠው እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁ። ቅርንጫፉ ካልመለሰ ወደ ዲስትሪክቱ፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ባንክ አቤቱታ ይቀርባል።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ። እገዳው ሁሉንም ነው የሚያቆመው። ለወንድም ልጅ የሚሄደው 600 ብር ስጦታ ነው፤ ቢቆም ዕዳ አይወልድም፣ መቀጠሉን ወራሾቹ ከኪሳቸው ይወስናሉ። 1,500ው ግን ብድር ነው። ብድር በሞት አይቀርም፣ ከውርሱ ይከፈላል። ክፍያው ሲቋረጥ ቅጣት ይቆጥራል፣ ዋስ የሆነው ሰውም ይጠራል። ስለዚህ ባንኩን ያሳገዳችሁ ቀን ለአበዳሪው ማኅበርም ደብዳቤ አስገቡ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቀሪው ብድር ስንት ነው፣ ብድሩ የሕይወት መድን አለው ወይ፣ ሟች ያስቀመጠው ቁጠባ ስንት ነው። መድን ካለው ቀሪውን መድኑ ሊሸፍነው ይችላል። ከሌለው በየወሩ በጥሬ ገንዘብ ገቢ እያደረጋችሁ ደረሰኝ ያዙ። በምሳሌያችን የጅዳው ልጅ ነው እየላከ የከፈለው፤ ደረሰኙን እህቱ ይዛ በክፍፍሉ ላይ ታሰበለት።

የባልና ሚስት ጉዳይም አለ። ሒሳቡ በባል ስም ብቻ ቢሆንም በትዳር የተጠራቀመ ገንዘብ የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ግማሹ የሚስት ነው፣ ውርስ አይደለም። ባንኩ ግን ይህን አይለይም፣ ሙሉውን ነው የሚያግደው። ስለዚህ እናትየው የወር ወጪዋን ከዚያ ሒሳብ የምታወጣ ከሆነ ከእገዳው በፊት መላ ይፈለግላት፤ አለበለዚያ የራሷ ገንዘብ ላይ ተቀምጣ ትቸገራለች።

ቴሌ፣ ቴሌብርና አጭር ቁጥሮቹ

አጭር ቁጥሮቹን ለማቆም የሟች ስልክ በቂ ነው። በአብዛኛው መልእክቱ መጨረሻ ላይ ማቋረጫው ተጽፏል፦ `Stop` ብሎ ወደዚያው ቁጥር መላክ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ለየብቻ ይላካል። ሁለት አገልግሎት በቀን 2 ብር ማለት በወር 120 ብር ነው። ሳይቋረጥ ካርድ አትሙሉ። ምልክቱ ይኼ ነው፦ ጠዋት 25 ብር ትሞላላችሁ፣ ማንም ሳይደውልበት በማግስቱ ይቀንሳል። `Stop` ተልኮም ከቀነሰ ወደ 994 ደውሉ።

የቤት ኢንተርኔት ወይም መደበኛ ስልክ ሌላ ነው። ሒሳቡ የሚመጣው ከተጠቀሙ በኋላ ነው፣ ባትጠቀሙበትም የወር ክፍያው ይቆጥራል። «ካልከፈልን ራሱ ይቋረጣል» አትበሉ። መስመሩ ይቋረጣል፣ ዕዳው ግን ይቀራል። የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዛችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ማዕከል ሂዱና ይቋረጥ ወይም ወደ ሌላ የቤተሰብ አባል ስም ይዛወር በሉ። ቤት ውስጥ ተማሪ ካለ ማዛወሩ ይሻላል።

ቴሌብር ላይ ያለ ብር እንደ ባንክ ገንዘብ ነው የሚታየው። በሚስጥር ቁጥር አታውጡት። የብድር ማሳወቂያ እንዳለ መልእክቶቹን እዩ። «እንደኪሴ» ላይ ዕዳ ካለ እየቆየ ስለሚጨምር፣ ማዕከሉ ስትሄዱ በዚያው ዕዳውን አሳውቁና እንዴት እንደሚዘጋ ጠይቁ።

መብራት፣ ውሃ፣ ጡረታ

መብራትና ውሃ ላይ የሚያስፈልገው ማቆም አይደለም፣ ቤቱ ውስጥ ሰው አለና። በደንበኛ ቁጥሩ ማንም መክፈል ይችላል። ክፍያው ከሟች ስልክ ይከናወን ከነበረ በራሳችሁ ስልክ ቀጥሉ። ስም ማዛወሩ የቤቱ ውርስ ሲያልቅ ይደርሳል። የሳተላይት ቴሌቪዥን አስቀድሞ የሚከፈል ስለሆነ ካልከፈላችሁ ያበቃል። ለዕቁቡ ዳኛ ንገሩ፤ ቅሬው እንደሆነ ያውቃል።

ጡረታው ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከፋዩ ቢሮ ሞቱን ካላወቀ አበሉን ከሞት በኋላም ሊያስገባ ይችላል። ይህ ብር የሟችም የወራሽም አይደለም፣ ይመለሳል። ስለዚህ ለማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ሞቱን አሳውቁ። ሚስትና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች የራሳቸው የተተኪ ጡረታ መብት አላቸው፤ ማመልከቻውም እዚያው ነው የሚቀርበው። ይህ አበል በእናትየው ስም በተከፈተ ሒሳብ ይገባል እንጂ በአባትየው የታገደ ሒሳብ አይገባም። ባንኩን ካሳገድኩ በኋላ ከሌላው ቢሮ ሁሉ ቀድሜ እዚህ እሄድ ነበር፣ ምክንያቱም እናትየው ዘላቂ ገቢ የምታገኘው ከዚህ ነው።

የወራሽነት ማስረጃና መዝጊያው

ማስረጃው የሚወጣው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 መሠረት ከፍርድ ቤት ነው። አቤቱታ፣ ቃለ መሐላ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ዝምድናን የሚያሳይ ማስረጃና ምስክሮች ይቀርባሉ። ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ሊያወጣ ይችላል። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም መሄድ ትችላላችሁ። ግን ሁሉም ወገን መስማማት አለበት፤ አንዱ ወራሽ እንኳ እምቢ ካለ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይዞራል። ይህን ፋይል ሳትከፍቱ በፊት በስልክም ቢሆን ከሁሉም ተነጋገሩ።

ውጭ ያለ ወራሽ ድርሻውን እንዲቀበሉለት ከፈለገ ካለበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ይልካል። ውክልናው እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። የጅዳው ልጅ ይህን በለቅሶው ሰሞን መጀመር ነበረበት፤ ወረቀቱ እስኪመጣ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በዚህ ላይ ነው። ውክልናው ላይ «ከባንክ ገንዘብ እንዲቀበልልኝና ሒሳብ እንዲያዘጋልኝ» የሚል በግልጽ ይጻፍ። «ጉዳዬን ሁሉ» የሚል ጥቅል ውክልና ባንክ ላይ ሊመለስ ይችላል።

ማስረጃው ሲወጣ ባንኩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ብር ሳይሆን ከሞቱ ቀን ጀምሮ ያለውን የሒሳብ መግለጫ ነው። ደብተራችሁ ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩት። ከደብዳቤው ገቢ ቀን በኋላ የወጣ ካለ ሒሳቡ ሳይዘጋ ይመለስ። ከተዘጋ በኋላ ማስመለስ ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ ድርሻ ይከፈላል፣ ሒሳቡ ይዘጋል፣ የቴሌብሩም ይጠራል።

ሲሙ አሁን ይዘጋ። ቁጥሩን ማቆየት የሚፈልግ ካለም በቴሌ ማዕከል በራሱ ስም ያዛውረው። ከዚያ በፊት ግን ቁጥሩ በሌላ ባንክ፣ በሌላ ሰው ዋስትና ወይም በልጆች ትምህርት ቤት ተመዝግቦ እንደሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ወር መልእክቶች አንድ ጊዜ እዩ።